ትርፉ ካለ ገንዘቡ የት አለ?

ሰሞኑን ስለ አክሲዮን ግዥ ሊያሠለጥን መድረክ ላይ የወጣ አንድ አማካሪ፣ ኦዲተር የፈረመበት ትርፍ እያለ የገንዘብ ፍሰት መመርመር ጊዜ ማባከን መሆኑን አስረግጦ ሲናገር ሰማሁ። አዳራሹን የሞሉት ጡረተኞች፣ ነጋዴዎችና ወጣት ደመወዝተኞች ምክሩን በማስታወሻቸው ጻፉት። ንግግሩ አናድዶኛል። ስሙን አልጠራም፤ ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለምና። የድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት በወጣ ቁጥር ዜናው የሚከፈተው በትርፍ ነው፣ የሚዘጋውም በትርፍ ነው። አማካሪው ግን የተለመደውን ስንፍና ወደ ትምህርት ከፍ አድርጎ፣ ያጠራቀሙትን ሊያወጡ ለተሰበሰቡ ሰዎች ሸጠው።

ክርክሩ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ እሱም የኦዲተር ፊርማ ነው። እኔም የማነሳው ይህንኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ከዎርልድኮም የተሻለ ምስክር የለም።

ዎርልድኮም በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ክሊንተን ከተማ ውስጥ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገ ግዙፍ የቴሌኮም ኩባንያ ነበር። ሒሳቡን የሚመረምርለት በዘመኑ ከዓለም አምስቱ ታላላቅ የኦዲት ድርጅቶች አንዱ የነበረው አርተር አንደርሰን ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር የተጣራ ትርፍ አገኘሁ አለ። አርተር አንደርሰንም ፈረመ። በአማካሪው ሚዛን ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ትርፍ አለ፣ ፊርማም አለ፣ ግዙ።

ውስጥ ለውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። የዎርልድኮም ትልቁ ወጪ የመስመር ወጪ ይባል ነበር። ደንበኛው የሚደውለው ጥሪ በሌሎች ኩባንያዎች መስመር ላይ ሲያልፍ ለእነዚያ ኩባንያዎች የሚከፈል ሒሳብ ነው። የኢንተርኔት ገበያው ይመነደጋል በሚል ተስፋ ኩባንያው ለብዙ ዓመት የሚቆዩ የመስመር ኪራይ ውሎች ፈርሞ ነበር። ገበያው ሲቀዘቅዝ ጥሪ የማያልፍባቸው መስመሮች ኪራይ በየወሩ መከፈሉ ቀጠለ። የመስመር ወጪው ከገቢው ግማሽ በላይ ሆነ። ለባለአክሲዮኖች የሚቀርበው ሪፖርት ግን 42 በመቶ አካባቢ ነው ማለቱን አላቆመም።

ይህ የተደረገው በቀላል የመዝገብ ሥራ ነው። ከ2001 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ጀምሮ፣ የፋይናንስ ኃላፊው ስኮት ሰሊቫን በሚሰጠው ትእዛዝ፣ የመስመር ኪራዩ ከፊል ከወጪ መዝገብ እየተነሣ ወደ ቋሚ ንብረት መዝገብ ተዛወረ። ለሰው መስመር የተከፈለ ኪራይ ኩባንያው እንደገነባው ንብረት ተቆጠረ። ወጪ ሆኖ ቢመዘገብ ኖሮ በዚያው ዓመት ትርፉን ሙሉ በሙሉ ይቀንስ ነበር። ንብረት ተብሎ ሲመዘገብ ግን የእርጅና ቅናሹ ለብዙ ዓመት እየተከፋፈለ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚቀነሰው።

ነገሩን በትንሽ ቁጥር እንየው። አንድ ድርጅት በዓመቱ 1000 ብር ገቢ ሰበሰበ። ለመስመር ኪራይ 500፣ ለሌላ ወጪ 450 ከፈለ። ትርፉ 50 ብር ነው። በዚሁ ዓመት ለመሣሪያ ግዥ 80 ብር አውጥቷል። ግብርና የመሣሪያውን እርጅና ለጊዜው እንተዋቸው። ከሥራው 50 ብር ገባ፣ ለመሣሪያ 80 ወጣ፤ ስለዚህ ነፃ የገንዘብ ፍሰቱ ከዜሮ በታች 30 ብር ነው። አሁን የሒሳብ ክፍሉ ከኪራዩ 100 ብር ወስዶ ንብረት ነው ይበል፣ በ10 ዓመት የሚያረጅ። የዘንድሮ ወጪ በ100 ይቀንሳል፣ 10 ብር እርጅና ይጨመራል። ትርፉ ከ50 ወደ 140 ብር ይዘላል። አንዲት ሳንቲም አልገባችም፣ ትርፉ ግን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ተቃርቧል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነን የሚሉም የሚስቱት ነገር አለ። ከሥራ እንቅስቃሴ የተገኘው ገንዘብም አብሮ ያብጣል፤ ከ50 ወደ 150። ምክንያቱም 100 ብሩ አሁን የሚታየው በኢንቨስትመንት ክፍል፣ ከመሣሪያ ግዥው ጋር ነው። ስለዚህ የገንዘብ ፍሰት መግለጫውን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ አንብቦ መግለጫውን መዝጋትም አያድንም። የመሣሪያ ግዥው ግን ከ80 ወደ 180 ከፍ ብሏል። 150 ሲቀነስ 180፣ አሁንም ከዜሮ በታች 30 ብር። የሒሳብ ክፍሉ ኪራዩን ከወጪ መዝገብ ወደ ቋሚ ንብረት መዝገብ ቢያዛውርም ይህ ቁጥር አልተነቃነቀም፤ ከባንክ የወጣ ገንዘብ ስሙ ስለተቀየረ ወደ ባንክ አይመለስምና።

የዎርልድኮምን የታተሙ ቁጥሮች በዚሁ መንገድ እንመልከት። በ2001 ከሥራ የተገኘው ገንዘብ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ለቋሚ ንብረት የወጣው ወደ 7.9 ቢሊዮን። 1.4 ቢሊዮን አተረፍኩ ያለው ኩባንያ እጅ የቀረው 100 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ2000 ደግሞ ወደ 4.2 ቢሊዮን ትርፍ ሪፖርት አደረገ። በዚያ ዓመት ከሥራ 7.7 ቢሊዮን ገደማ ገብቶ ለቋሚ ንብረት 11.5 ቢሊዮን ገደማ ወጥቷል። ሁለቱን ዓመታት ደምሩ፤ ትርፉ ከ5 ቢሊዮን በላይ፣ ነፃ የገንዘብ ፍሰቱ ከዜሮ በታች 3.7 ቢሊዮን አካባቢ። የጎደለው ደግሞ በብድር ይሸፈን ነበር። በግንቦት 2001 ብቻ ኩባንያው ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ ሸጧል።

ልዩነቱ ብቻውን ማጭበርበርን አያረጋግጥም። በዚያ ዘመን የቴሌኮም ኩባንያዎች ሁሉ ገንዘባቸውን በመስመር ዝርጋታ ያፈስሱ ነበር፤ የሚስፋፋ ድርጅት ነፃ የገንዘብ ፍሰቱ ከዜሮ በታች ቢወርድ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ልዩነቱ የሚያስነሳው ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡ ምን ገነባ? በ2001 የቴሌኮም ገበያው ወድቆ፣ መስመሩ ከፍላጎት በላይ ሆኖ፣ ወደ 8 ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር ምን ላይ ዋለ? ይህን ጥያቄ ገፍቶ የጠየቀ ሰው መልሱ የማይገጥም መሆኑን ይደርስበት ነበር።

የደረሱበትም በዚሁ በር ገብተው ነው። በ2002 የጸደይ ወራት በሲንቲያ ኩፐር የሚመራው የኩባንያው የውስጥ ኦዲት ክፍል የቋሚ ንብረት ወጪዎችን መመርመር ጀመረ። ቅድሚያ የተከፈለበት አቅም በሚል ስም የተመዘገበ ከፍተኛ ገንዘብ አገኙ፤ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ በቅጡ የሚያስረዳቸው ጠፋ። ግዥውን የሚያሳይ ሰነድም አልነበረም። ሰኔ 25 ቀን 2002 ኩባንያው ከ3.8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ንብረት ተብሎ መመዝገቡን አመነ። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ሐምሌ 21፣ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ እስከዚያ ዘመን በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ ነበር። ምርመራው ሲያልቅ የተዛባው ሒሳብ ወደ 11 ቢሊዮን ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ በርናርድ ኤበርስ 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ1999 ከ60 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረውን አክሲዮን የያዙ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የኦዲተሩ ፊርማ ግን በሪፖርቱ ላይ ነበር።

አማካሪው ለዚህ ምን ይመልሳል? ማጭበርበር ሁሌ አይከሰትም ይል ይሆናል። እውነት ነው። ግን ትርፍ እንዲሳሳት ማጭበርበር አያስፈልገውም። ትርፍ በግምት የተሞላ ቁጥር ነው፤ ማሽኑ ስንት ዓመት ያገለግላል፣ በዱቤ ከተሸጠው ውስጥ ስንቱ ይከፈላል፣ ገና ያላለቀው ግንባታ ስንት በመቶው ተሠርቷል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሐቀኛ የሒሳብ ባለሙያ እንኳ ሁለት የተለያየ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ኦዲተሩ የሚፈርመው ግምቱ ምክንያታዊ ነው ብሎ ነው እንጂ ገንዘቡ በካዝና ውስጥ አለ ብሎ አይደለም። ይህን ለይቶ የማያስተምር ሰው ስለ አክሲዮን ለማሠልጠን መድረክ ላይ መቆም የለበትም።

ይህ ምክር ዛሬ በእኛ አገር ሲሰጥ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ሥራ ጀምሯል። በሕይወቱ የሒሳብ መግለጫ ገልጦ የማያውቅ ሰው ባለአክሲዮን እየሆነ ነው። መረጃው ደግሞ አልተከለከለም። በ2006 ዓ.ም. በወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 መሠረት የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች በዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ይህ ደረጃ የገንዘብ ፍሰት መግለጫን ይጠይቃል። ገጹ ሪፖርቱ ውስጥ አለ። አማካሪው አትግለጡት የሚለው ይህንን ገጽ ነው።

አንድ ገደብ ግን መታወቅ አለበት። በአገራችን ብዙ ሰው የያዘው የባንክ አክሲዮን ነው፤ ለባንክ ደግሞ ይህ ስሌት አይሠራም። የደንበኞች ተቀማጭ ሲጨምር ከሥራ የተገኘ ገንዘብ ሆኖ ይታያል፤ ብድር ሲሰጥ ደግሞ እንደ ወጪ ፍሰት። ስለዚህ ቁጥሩ ስለ ባንኩ ጤንነት የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። እዚያ የሚታየው ሌላ ልዩነት ነው፤ ገቢ ተብሎ ከተመዘገበው ወለድ ውስጥ በእርግጥ የተሰበሰበው ስንት ነው? ለፋብሪካ፣ ለቴሌኮም፣ ለግንባታና ለንግድ ድርጅት ግን ስሌቱ በደንብ ይሠራል።

ሥራውም የአንድ ከሰዓት ነው። የድርጅቱን የአምስት ዓመት ሪፖርት አውጡ። ከየዓመቱ የገንዘብ ፍሰት መግለጫ ላይ ከሥራ እንቅስቃሴ የተገኘውን የተጣራ ገንዘብ ውሰዱ፤ ለቋሚ ንብረት ግዥ የወጣውን ቀንሱ። የአምስቱን ዓመት ደምሩና ከአምስቱ ዓመት የተጣራ ትርፍ ድምር ጎን አስቀምጡት። የአንድ ዓመት ቁጥር ያሳስታል፤ ለአቅራቢዎች ክፍያ በማዘግየት ወይም ጥገናን በመተው የአንድ ዓመት ገንዘብ ማሳመር ይቻላል። በአምስት ዓመት ድምር ግን ይህ ዓይነቱ ብልሃት ለመደበቅ ይከብደዋል።

ሁለቱ ድምሮች ከተቀራረቡ ትርፉ ገንዘብ ሆኗል። በሰፊው ከተራራቁ ገንዘቡን ተከተሉት። ተሰብሳቢ ሒሳቡ ከሽያጩ ፈጥኖ እያደገ ከሆነ ሽያጩ ገና አልተከፈለም። የዕቃ ክምችቱ ካበጠ ዕቃው አልተሸጠም። ቋሚ ንብረቱ ካደገ ምን እንደተገነባና ምን ያህል ገቢ እንዳመጣ ይነገራችሁ። የትርፍ ድርሻ እየተከፈለ ብድሩ በዚያው ልክ ካደገ ደግሞ የምትቀበሉት የተበደራችሁትን ነው፤ ወለዱንም የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ።

ባለአክሲዮኖች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሊቀመንበሩ የትርፉን ቁጥር አንብቦ ጭብጨባ ሲጠብቅ እጃችሁን አውጡና ትርፉ ይህን ያህል ከሆነ ገንዘቡ የት እንዳለ ጠይቁ። አጥጋቢ መልስ እስክታገኙ ድረስ ሪፖርቱን አታጽድቁ።