ጥያቄው ከውጤቱ ይቅደም

የመመረቂያ ፕሮጀክት የምንሠራበት ጊዜ ስለደረሰ አንድ ልማዳችንን እናንሣ፦ ውጤቱን ካየን በኋላ ጥያቄውን መምረጥ።

ከባሌ ምሳሌ እንውሰድ። በሮቤና በጎባ ዙሪያ የስንዴ ገለባ ሞልቷል። የገለባው አመድ የሲሚንቶን ከፊል ቢተካ ኮንክሪቱ ይጠነክራል ወይ ብለን ጠየቅን እንበል። ከሲሚንቶው 5፣ 10፣ 15 እና 20 በመቶውን በአመድ ተክተን፣ ኪዩቦቹን በ7፣ በ14 እና በ28 ቀን ሰበርናቸው። አመድ ከሌለው ጋር የምናደርገው ንጽጽር 12 ሆነ። አመዱ ምንም ለውጥ ባያመጣ እንኳ፣ በተለመደው መለኪያ እያንዳንዱ ንጽጽር በአጋጣሚ ብቻ «ልዩነት አለ» የማለት 5 በመቶ ዕድል አለው። ንጽጽሮቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ቢሆኑ፣ ከ12ቱ ቢያንስ አንዱ የማሳሳት ዕድሉ 46 በመቶ ይደርሳል። አሥራ አንዱን ትተን «10 በመቶ አመድ በ14 ቀን ጥንካሬ ጨመረ» ብለን ብንጽፍ ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የተደበቀው ስንት ጊዜ እንደሞከርን ነው። ዝቅተኛ ውጤት የሰጠውን ኪዩብ ከሰበርን በኋላ «ቀድሞም ተሰንጥቆ ነበር» ብለን ብንጥለው ደግሞ ይብሳል። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ሙከራውን ሲደግም ውጤቱን የሚያጣው በዚህ ነው።

የቀረበው መድኃኒት ቅድመ ምዝገባ ነው። ኮንክሪቱ ከመቦካቱ በፊት ዋናው ንጽጽር የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ኪዩብ እንደሚሞላና ኪዩብ በምን ምክንያት እንደሚጣል ጽፈን፣ ቀኑን በሚይዝ መዝገብ እናስቀምጣለን። osf.io ይህን በነጻ ያደርጋል።

በሕክምና የታየውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2015 ካፕላንና ኧርቪን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የአሜሪካ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም ገንዘብ የሰጣቸውን 55 ትልልቅ የልብና የደም ሥር ሙከራዎች መረመሩ። ከ2000 በፊት ከታተሙት 30 ሙከራዎች 17ቱ ሕክምናው እንደጠቀመ ዘግበው ነበር። ዋናውን መለኪያ አስቀድሞ መመዝገብ ከተለመደ በኋላ ግን ከ25ቱ እንዲህ ያሉት 2 ብቻ ሆኑ። በእነዚያ ዓመታት ሌላም ነገር ስለተለወጠ ልዩነቱን ሁሉ ለምዝገባው መስጠት አይቻልም፤ ቢሆንም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ምዝገባ የተበላሸ ሚዛን አያስተካክልም፤ የኪዩብ ማነስንም አይተካም። የተመዘገበውን ከታተመው ጋር የሚያስተያይ ሰው ከሌለም ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በሌላ በኩል ያልታሰበ ነገር ማግኘትን አይከለክልም፤ «ይህን ያየነው በኋላ ነው፣ ገና በሌላ ሙከራ ይረጋገጥ» ብለን መጻፍ ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፦ ከፕሮፖዛላችን ጋር አንድ ገጽ ዕቅድ አማካሪያችን ፈርመውበት ቀን ይያዝለት፤ በመከላከያው ዕለትም ፈታኞቻችን ያንን ገጽ ከውጤቱ ጎን አድርገው ያንብቡት። አሥራ ሁለቱም ንጽጽሮች በአንድ ሠንጠረዥ ይውጡ። «አመዱ አልጠቀመም» የሚል ፕሮጀክትም ሙሉ ውጤት ይገባዋል፤ ካልሆነ ሁላችንም አንዷን የምታምር ቁጥር ፍለጋ እንመለሳለን።