«በአንድ ወር ሁለቴ መጣብኝ»፦ ቀን እንቁጠር እንጂ ወር አንቁጠር



በ2017 ረመዷን ካለፈ በኋላ በእህቶች ደርስ በኩል በወረቀት የተጻፈ አንድ ጥያቄ ደረሰን። ስም የለውም፤ ስሙንም አልጠየቅንም። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «የካቲት 1 ሐይድ መጣብኝ። የካቲት 28 ደግሞ እንደገና መጣ። በአንድ ወር ሁለቴ ስለሆነ ሁለተኛው የበሽታ ደም ነው ብዬ ጾሜንም ሶላቴንም ቀጠልኩ። ልክ ነኝ ወይ?»

በዚያ ዓመት ረመዷን የገባው የካቲት 22 ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ደም የመጣባት በጾም መካከል ነበር ማለት ነው። እሷ እንደጻፈችው ሁለቱም ጊዜ ደሙ ስድስት ስድስት ቀን ቆይቷል። ጥያቄውን ለኢማማችን አቅርበን አብረን ቀኑን ቆጠርን። የመጀመሪያው ደም ከየካቲት 1 እስከ 6 ነው። ከየካቲት 7 እስከ 27 ያለው ሃያ አንድ ቀን ጡህር ነው። በሻፊዒይም በሐነፊይም መዝሀብ በሁለት ሐይድ መካከል የሚፈለገው ትንሹ ጡህር አሥራ አምስት ቀን ነው። ስለዚህ የካቲት 28 የመጣው ደም የተለመደው ሐይዷ ነው፤ «ሁለተኛ» ያሰኘው ወሩ ገና አለማለቁ ብቻ ነው። ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 3 የጾመችው ስድስት ቀን ስለማይቆጠርላት ስድስት ቀን ቀዷ አለባት። በነዚያ ቀናት ለሰገደችው ሶላት ግን ቀዷ የለም።

ይህች እህት ሐይድ ላይ ያለች ሴት እንደማትጾም አሳምራ ታውቃለች። የሳተችው ካላንደሩን ስታነብ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ስህተትም ይኸው ነው ብለን እናምናለን። «የወር አበባ» የሚለው ስም ራሱ በየወሩ አንዴ፣ በተመሳሳይ ቀን መምጣት ያለበት ያስመስለዋል። ቀኑ ሲያፈገፍግ «ተዛባብኝ» ይባላል፤ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ ሲገኝ ደግሞ «በሽታ ነው» ይባላል። ሰውነት ግን መስከረምንም ረመዷንንም አይቆጥርም። መቆጠር ያለበት ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ሌላው መጀመሪያ ያለው ቀን ነው።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ደሙ በደንብ የጀመረበት ቀን አንደኛ ቀን ይባላል። የዑደቱ ርዝመት ከዚያ ቀን ተነስቶ የሚቀጥለው ደም እስከሚጀምርበት ዋዜማ ድረስ ነው። ደሙ ካቆመበት ቀን ጀምሮ መቁጠር አንድ ስህተት ነው። አዲሱ ደም የጀመረበትን ቀን ባለፈው ዑደት ላይ መደመር ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ቀን ትርፍ ያመጣል።

በዚህ ረገድ የእኛ ካላንደር ትልቅ ምቾት አለው። ሁሉም ወር ሠላሳ ቀን ስለሆነ፣ ደሙ በተከታታይ ወራት ከመጣ፣ አዲሱን ቀን ወስደን 30 እንጨምርበትና ያለፈውን ቀን እንቀንሳለን። መስከረም 9 መጥቶ ከዚያ ጥቅምት 7 ከመጣ 7 ሲደመር 30፣ ሲቀነስ 9፣ 28 ቀን ይሆናል። ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ ከሆኑ መቀነስ ብቻ ይበቃል። የሚያሳስተው ጳጉሜን ነው። ነሐሴ 20 መጥቶ መስከረም 13 ለመጣ ሰው ጳጉሜን ከተረሳ ዑደቱ 23 ቀን ሆኖ አጥሮ ይታያል። አምስቱ ቀን ሲጨመር ግን 28 ነው። እንደ 2015 እና 2019 ባለው ዓመት ጳጉሜን ስድስት መሆኑንም እንዳንረሳ። ሌላው ማሳሳቻ አንዱን ቀን ከግድግዳው ካላንደር፣ ሌላውን ከስልኩ የፈረንጅ ካላንደር መጻፍ ነው። የፈረንጁ ወር 28ም፣ 30ም፣ 31ም ስለሚሆን የላይኛው ቀመር እዚያ አይሠራም። አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ነው።

እህታችን ለካ የመጀመሪያ ቀኖቿን በትንሽ ደብተር ትይዝ ነበር። በድጋሚ ስንጠይቃት የሚከተለውን ላከችልን፤ በቅንፍ ያለውን ርዝመት ያሰላነው እኛ ነን።

መስከረም 9
ጥቅምት 7 (28 ቀን)
ኅዳር 6 (29 ቀን)
ታኅሣሥ 2 (26 ቀን)
ጥር 3 (31 ቀን)
የካቲት 1 (28 ቀን)
የካቲት 28 (27 ቀን)
መጋቢት 27 (29 ቀን)

ስምንት መነሻ ቀን ሰባት ዑደት ይሰጣል። ያስደነገጣት 27 ቀን ከሁሉም አጭሩ እንኳ አይደለም፤ ታኅሣሥ ላይ 26 ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ግን በሁለት ወር ስሞች መካከል ስለወደቀ አላስተዋለችውም።

አሁን አማካዩን እንውሰድ። ሰባቱ ሲደመሩ 198 ይሆናሉ፤ ለሰባት ሲካፈል 28 ቀን ከትንሽ ነው። ብዙ የስልክ መተግበሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው፦ አማካዩን ይወስድና «ሚያዝያ 25 ይመጣል» ብሎ አንድ ቀን ያሳያል። ነገር ግን ከሰባቱ ዑደቶች ልክ 28 የሆኑት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በእኛ አስተያየት ከአማካዩ ይልቅ የሚጠቅመው አጭሩንና ረጅሙን መያዝ ነው። አጭሩ 26፣ ረጅሙ 31፣ ልዩነታቸው 5 ቀን። ከመጋቢት 27 ላይ 26 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 23፣ 31 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 28 ይሆናል። ስለዚህ ለእህታችን ያልናት «ከሚያዝያ 23 እስከ 28 ባለው ጊዜ ጠብቂ» ነው። አንድ ቀን ብንነግራት ኖሮ በ24 ቢመጣ «ቀደመ»፣ በ27 ቢመጣ «ዘገየ» ብላ በከንቱ ትጨነቅ ነበር።

ስንት ወር መዝገብ ይበቃል? ከዚሁ ደብተር እንማር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዑደቶች ብቻ ብንፈርድ፣ 28፣ 29 እና 26 ስለሆኑ፣ ልዩነቱ 3 ቀን ነው እንል ነበር። አራተኛው 31 ሆኖ መጣና ግምታችንን አፈረሰው። መዝገቡ ሲረዝም አጭሩና ረጅሙ ባሉበት ይቆያሉ ወይም ይራራቃሉ እንጂ አይቀራረቡም። ስለዚህ ከሦስት ወር የተገኘ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ቢያንስ ስድስት ዑደት ይጠበቅ፤ አንድ ዓመት ቢሆን ይመረጣል። አንድ ወር መመዝገብ ከተረሳ ደግሞ በመዝገቡ ላይ 57 ቀን ዓይነት ቁጥር ይወጣል። እሱን ለሁለት ከፍሎ ማስገባት ያልታየ ነገር መፍጠር ነው፤ ቦታውን ባዶ ትቶ ማለፍ ይሻላል።

መለያየቱ ራሱ በሽታ አይደለም። ዑደቱ ሁለት ክፍል አለው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ያለው ክፍል ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖ ብዙም አይለዋወጥም። ከዚያ በፊት ያለው ግን በሕመም፣ በጭንቀት፣ በክብደት መቀነስ ሊዘገይ ይችላል፤ ያኔ ሙሉው ዑደት ይረዝማል። ፊጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ የተለመደ የሚባለው ዑደት ከ24 እስከ 38 ቀን ነው። በአጭሩና በረጅሙ መካከል ያለው ልዩነት ከ26 እስከ 41 ዓመት ላሉት እስከ 7 ቀን፣ ከ18 እስከ 25 ላሉት እስከ 9 ቀን ቢሆን ችግር የለውም። የወር አበባ ከጀመራቸው ገና ጥቂት ዓመት የሆናቸው ልጆች ከዚህም በላይ ሊለያይባቸው ይችላል። ልዩነቱ ከዚህ ደጋግሞ ካለፈ፣ ደሙ ከስምንት ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ሦስት ወር ሙሉ ከቀረ ደብተሩን ይዞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህኑ ቀኖች ነው።

የጀመረበትን ብቻ ሳይሆን ያቆመበትንም ቀን መጻፍ የሚያስፈልገው ለዲናችን ነው። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ደሟ አልቆም ብሏት ነቢዩን (ሶ.ዐ.ወ) ስትጠይቅ፣ ቀድሞ ሐይድ ይመጣባት በነበሩት ቀናት ልክ ሶላት እንድትተው፣ ከዚያም ታጥባ እንድትሰግድ ነግረዋታል። ይህ መልስ የቀድሞ ቀኖቿን ለምታውቅ ሴት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ደሙ አሥራ አምስት ቀን ካለፈና በመልኩ መለየት ካልተቻለ ወደ ቀድሞው ዓዳ ይመለሳል። ዓዳዋን ያልጻፈች እህት ያን ቀን በምን ትመለስ?

ካላንደሩ የማይችለውንም እንናገር። ግምት ደም አይደለም። ሚያዝያ 23 ስለደረሰ ብቻ፣ ደም ሳታይ፣ ሶላት የምትተው እህት ተሳስታለች። በግምቱ ውስጥ ስላልነበረ ብቻ የመጣውን ደም «ይህ ሐይድ አይደለም» የምትልም እንዲሁ። ሁክሙ የሚከተለው ያየችውን ነው፤ መዝገቡ የሚጠቅመው ተዘጋጅቶ ለመጠበቅ፣ ጥያቄ ሲነሳ ደግሞ ቆጥሮ ለመመለስ ነው። በተለይ ደግሞ በዚህ ግምት እርግዝና እከላከላለሁ የሚል ካለ፣ እኛ ያሰላነው ደሙ የሚጀምርበትን ቀን እንጂ እንቁላል የሚወጣበትን ቀን አይደለም።

እህቶች፣ በግድግዳ ካላንደር ላይ ሰው ያየዋል ብላችሁ የምታፍሩ ከሆነ በጀመረበት ቀን ጥግ አንዲት ነጥብ፣ ባቆመበት ቀን ደግሞ አንዲት ሰረዝ ትበቃለች፤ ትርጉሙን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ወንድሞችም ብትሆኑ፣ ሚስታችሁ ወይም እህታችሁ «ቀኑ ዞረብኝ» ስትል «ወሩን ተዪውና ቀኑን እንቁጠር» በሏት። ያቺ እህት ስድስቱን ቀን ቀዷ ልትጀምር መሆኗን በዚያው በደርሱ በኩል አሳውቃናለች። አላህ ይቀበላት።

ወላሁ አዕለም።