«ሃይሊ ሞቲቬትድ»ን ተዉአት!

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሊቀርብ ሲል «ቲቸር፣ እስኪ ይስሙኝ» ብሎ ደብረ ብርሃን ቤቴ ድረስ መጣ። የአንኮበር ልጅ ነው፤ በአካውንቲንግ ተመርቋል። ራሱን በእንግሊዝኛ ማስተዋወቅ ጀመረ፦ «አይ አም ኤ ሃይሊ ሞቲቬትድ፣ ኢንቱዚያስቲክ ኤንድ…» ቀጣዩ ቃል ጠፋው። ምን አደረገ? እንደ ውዳሴ ከመጀመሪያው ጀመረ!

ይቺን አንቀጽ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከስልክ ስልክ ስትዞር የኖረች ናት። እኔም ሰሌዳ ላይ ጽፌ አሸምድጃታለሁ፤ ስለዚህ የምወቅሰው ራሴንም ጭምር ነው።

ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አማርኛ ስንናገር የቃሉን ክፍሎች በተቀራራቢ ጉልበት ነው የምናወጣቸው። እንግሊዝኛ ግን በረጅም ቃል ውስጥ አንዱን አጥብቆ ሌላውን ዋጥ ያደርገዋል። «ኢንቱዚያስቲክ» ላይ ጉልበቱ ያለው «ያስ» ላይ ነው። ሁሉንም እኩል ካልከው ሰሚው ቃሉን አይለይልህም። «ቱ» ብለን የምንጽፋት ደግሞ ምላስ በጥርስ መሃል ወጥቶ የሚፈጠር ድምፅ ነች፤ በአማርኛ የለችንም። ጠያቂው «ሶሪ?» ሲልህ ድምፅህ ይወርዳል፣ ዓይንህ መሬት ያያል፣ በቃ።

ሌላም ጣጣ አለ። ቀጣዩ ጥያቄ የሚመጣው ከራስህ አፍ ከወጣው ቃል ነው። «ፕሮአክቲቭ ነኝ» ካልክ «እስኪ ምሳሌ ስጠኝ» ትባላለህ። ያኔ ምን ልትል ነው?

ወረቀቱን አስቀምጠን በአማርኛ «ምን ሠርተሃል?» አልኩት። ሁለት ዓመት ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ይዟል። ይሄ ከአንቀጿ ውስጥ አልነበረም! እንዲህ ብለን ጻፍነው፦

«ማይ ዲግሪ ኢዝ ኢን አካውንቲንግ። አይ አም ፍሮም አንኮበር። አይ ሃድ ኤ ጆብ ኢን ኤ ሾፕ ፎር ቱ ይርስ። ኤቭሪ ናይት አይ ካውንትድ ዘ መኒ።»

«እስተዲድ» እያለ ስለሚቸገር «ማይ ዲግሪ» አልን። ስለ ሱቁ ቢጠየቅ መልሱ እጁ ላይ ነው። አንኮበር የት ነው ቢሉት «ኒር ደብረ ብርሃን፣ ሃይ ኤንድ ኮልድ» ይበቃል።

«ይሄማ የአራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፤ ይንቁታል» የምትሉኝ አላችሁ። ሒሳብ ያዥ የሚቀጥር ሰው መስማት የሚፈልገው ገንዘብ መቁጠር መቻሉን ነው። እርግጥ የሙያ ቃል አይቀየርም፤ «ባላንስ ሺት» ያው «ባላንስ ሺት» ነው። እንዲህ ያሉትን ሁለት ሦስት ቃላት ለብቻቸው ደጋግሞ ማለት ያስፈልጋል፤ በተለይ «ሺ»ን ካሳጠርካት ስድብ ትሆንብሃለች!

መፈተኛው ቀላል ነው። ወረቀት ሳትይዝ፣ እየተራመድክ፣ ጮክ ብለህ በለው። ሁለቴ ያደናቀፈህን ቃል አውጣና በሌላ ተካው።

ልጁ ገና ውጤት እየጠበቀ ነው። ደውሎ የነገረኝ ግን ስለ ሱቁ አምስት ጥያቄ እንደጠየቁት ነው።

እናንተስ የትኛው ቃል ነው ጉድ የሠራችሁ? ጻፉልኝ።