ፓምፑ ከመሳቢያው ይመረጥ

ለኩሊንግ ታወር ፓምፕ የሚገዛ ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ያወጣል? ስንት ሜትር ይገፋል? ኮምቦልቻ ላይ ግን ሦስተኛው ጥያቄ መቅደም አለበት ብዬ እሞግታለሁ፤ ውሃው ፓምፑ አፍ ሲደርስ ምን ያህል ጫና ይቀረዋል?

ውሃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ገንዳው ላይ ያረፈው አየር ነው። በባሕር ጠለል ይህ ግፊት 10.4 ሜትር ከፍታ ካለው ውሃ ጋር ይመዛዘናል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ 8.3 ሜትር ብቻ ነው፤ 2,500 ሜትር አካባቢ በምትገኘው ደሴ ደግሞ ወደ 7.7 ይወርዳል።

በምሳሌ እንየው። 1,000 ኪሎ ዋት የሚያቀዘቅዝ ቺለር ከነኮምፕሬሰሩ ሙቀት 1,250 ኪሎ ዋት ገደማ ወደ ታወሩ ይልካል። ውሃው ኮንደንሰሩ ውስጥ 5 ዲግሪ እንዲሞቅ ከተፈለገ በሰከንድ 60 ሊትር፣ በሰዓት 216 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ፓምፑ ከገንዳው ውሃ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ተተክሏል እንበል። የመሳቢያው ቧንቧና ንጹሕ ስትሬነር 1.5 ሜትር ይበላሉ። የ25 ዲግሪ ውሃ የእንፋሎት ግፊት 0.3 ሜትር ይቀንሳል። ከ8.3 ላይ እነዚህ ሲነሱ 5.0 ሜትር ይቀራል። ካታሎጉ ፓምፑ በዚህ ፍሰት 4.5 ሜትር ይፈልጋል ካለ፣ በወረቀት ላይ ያልፋል።

ነገር ግን የካታሎጉ ቁጥር የሚለካው የፓምፑ ግፊት በ3 በመቶ ሲወድቅ ነው፤ ካቪቴሽን ከዚያ በፊት ጀምሯል። ስትሬነሩ በአቧራና በአልጌ ተደፍኖ ተጨማሪ 1 ሜትር ቢበላ 4.0 ብቻ ይቀራል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተተከለ ተመሳሳይ ፓምፕ ያኔም 6.1 ሜትር ስለሚኖረው ችግሩ አይታይበትም። ስለዚህ ሌላ ቦታ የሠራ ንድፍ ለእኛ ማስረጃ አይሆንም።

ችግሩን የሚያባብሰው «ለማንኛውም ትልቅ ይሁን» የሚለው ልማድ ነው። የታወር መስመር የሚጠይቀው ከገንዳው እስከ መርጫው ያለውን ከፍታ፣ የመርጫውን ግፊትና የመንገድ ላይ ኪሳራን ነው፤ በምሳሌአችን 18 ሜትር ይበቃዋል እንበል። 28 ሜትር የሚገፋ ፓምፕ ከተገዛ፣ ማውጫው ላይ ቫልቭ ካልገታው ከ60 ሊትር በላይ ያፈሳል። ፍሰቱ ሲጨምር የመሳቢያ ፍላጎቱም ይጨምራል፤ 4.5 የነበረው ከ5.0 ሊያልፍ ይችላል። ለደኅንነት ተብሎ የተጨመረው ሜትር ፓምፑን ይጎዳዋል።

ምልክቱ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ፣ የሚወዛወዝ የማውጫ ጌጅና የተቦረቦረ ኢምፔለር ነው። መሳቢያው ላይ ቫኩም ጌጅ አስገቡ፤ ስትሬነሩ በጸዳ ቀን ያሳየውን መዝግቡ። ቫኩሙ ከዚያ ከጨመረ ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት ስትሬነሩን አጽዱ። የመሳቢያውን ቫልቭ ግን ፍሰት ለመቀነስ አትጠቀሙበት።

ከሁሉ የሚሻለው ፓምፑን ከገንዳው ውሃ 1 ሜትር ዝቅ አድርጎ መትከል ነው። ያኔ 5.0 የነበረው 7.5 ይሆናል። ይህ ውሳኔ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ወጪው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የፓምፕ ጨረታ ስታወጡ የከተማውን ከፍታና የመሳቢያውን ስሌት ሰነዱ ውስጥ አስገቡ።