የ200 ብሩ ጭማሪ የት ገባ?

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጭማሪው ቢቀርብኝ ይሻላል።»

ይህን ያለችኝ ልጄ አያት አካባቢ በከፈተችው ዳቦ ቤት ሊጥ የምታቦካ የሁለት ልጆች እናት ናት። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አልፎ አልፎ ብቅ ብዬ የልጄን መዝገብ አያለሁ። ሴትየዋ ሁለት የደመወዝ ወረቀቶች አሳየችኝ። ጡረታውን ሳንቆጥር፣ ደመወዟ 7,000 ብር ሳለ ከግብር በኋላ 6,100 ብር ይደርሳት ነበር። ወደ 7,200 ሲያድግ ግን 5,965 ሆነ። ተጨመረላት ተብሎ 135 ብር ጎደለባት።

«ደመወዝ ሲጨምር ግብሩ ይበላዋል» የሚል ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ከፍ ያለው ምጣኔ የሚያርፈው ከእርከኑ በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው። ከ7,000 በላይ ያለው ምጣኔ 25 በመቶ ስለሆነ፣ ከ200 ብሩ 50 ለግብር ሄዶ 150 ብር እጇ መግባት ነበረበት።

ቤት ገብቼ የልጄን የኤክሴል ፋይል ከፈትኩ። ግብሩ የሚሰላው አንዱ IF በሌላው IF ውስጥ እየገባ በሚሄድ ረጅም ቀመር ነው። መሃል ላይ ይህ ቁራጭ አለ፦

```
IF(E2<=10000,E2*25%-565,
```

565 በቀድሞው ሕግ የ25 በመቶው እርከን ተቀናሽ ነበር። አዲሱ የገቢ ግብር ማሻሻያ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ሲመጣ ተቀናሹ 850 ሆነ። ቀመሩን ያደሰው ሰው ሌላውን ሁሉ ቀይሮ ይህችን ቁጥር ረሳት። የቀሩት ሠራተኞች ደመወዝ ከ7,000 በታች ስለሆነ ስህተቱ ማንንም አልነካም። የነካው ጭማሪ ያገኘችውን ብቻ ነው፤ በየወሩ 285 ብር፣ ለሦስት ወር።

ቁጥሯን ማረም ቀላል ነበር። ነገር ግን ሕጉ በተለወጠ ቁጥር እዚያ ቀመር ውስጥ ገብቶ ቁጥር መልቀም ሌላ ስህተት መጥራት ነው። ስለዚህ ቀመሩን ጣልኩትና እርከኖቹን በሠንጠረዥ ጻፍኳቸው። ከላይ ወደ ታች፣ A ላይ እርከኑ የሚጀምርበት ብር፣ B ላይ ምጣኔው፣ C ላይ ምጣኔው ካለፈው እርከን የጨመረው፦

```
     A      B     C
2    0      0%    0%
3    2000   15%   15%
4    4000   20%   5%
5    7000   25%   5%
6    10000  30%   5%
7    14000  35%   5%
```

የC ዓምድ በእጅ አይጻፍም። C2 ላይ =B2፣ C3 ላይ =B3-B2 ብሎ ወደ ታች መጎተት ነው። ደመወዙ E2 ላይ ካለ ግብሩ ይኸው፦

```
=SUMPRODUCT((E2>$A$2:$A$7)*(E2-$A$2:$A$7)*$C$2:$C$7)
```

የሚሠራውን በሴትየዋ ደመወዝ እንየው። 7,200 ብር 2,000ን በ5,200 ይበልጣል፤ የዚህ 15 በመቶ 780 ብር ነው። 4,000ን በ3,200 ይበልጣል፤ የዚህ ተጨማሪ 5 በመቶ 160 ብር። 7,000ን በ200 ይበልጣል፤ ተጨማሪው 5 በመቶ 10 ብር። ድምሩ 950 ብር፤ እጇ የሚገባው 6,250። ደመወዙ ያልደረሰባቸው እርከኖች የመጀመሪያው ቅንፍ ዜሮ ስለሚያደርጋቸው አይቆጠሩም። ተቀናሽ የሚባል ቁጥር የለም፤ ስለዚህ የሚረሳም የለም። ሕጉ ሲለወጥ A እና B ብቻ ይነካሉ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። A ላይ «2000 ብር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ኤክሴል ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ያደርገውና #VALUE! ይላችኋል፤ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ። እርከን ከተጨመረ ደግሞ በቀመሩ ውስጥ ያለውን 7 በA እና በC እኩል አሳድጉት፤ አንዱን ብቻ ካሳደጋችሁት ስሌቱ ይበላሻል። ቀመሩን ጨርሶ ካልዘረጋችሁት ግን ስህተት አይልም፤ ዝም ብሎ አሳንሶ ያሰላል።

የልጆቻችሁን ወይም የሠራተኞቻችሁን የደመወዝ ሂሳብ ለመፈተሽ አንድ ብር ይበቃል። መጀመሪያ 7,000፣ ቀጥሎ 7,001 አስገቡ። በትክክለኛው ቀመር ግብሩ ከ900 ወደ 900.25 ይሄዳል። በልጄ አሮጌ ቀመር 1,185.25 ሆነ። በየእርከኑ ጫፍ እንዲሁ አድርጉ፤ አንድ ብር ሲጨመር ግብሩ ከ35 ሳንቲም በላይ ከዘለለ ጥፋቱ የሕጉ ሳይሆን የቀመሩ ነው።

ልጄ የሦስት ወሩን 855 ብር ከኪሷ አውጥታ መለሰችላት። ሴትየዋም ጭማሪው ይቅርብኝ ማለቷን ተወች።