ዳቦው ከ8 ብር አይወርድም

«ምርት ይጨምር፤ ዋጋው ራሱ ይወርዳል።» ይህን ስንት ጊዜ ሰማን? ፋብሪካ ሲመረቅ ይባላል፤ በቴሌቪዥን ውይይት ይባላል። ለትልልቅ አምራቾች የግብር እፎይታና ርካሽ ብድር ይሰጥ የሚሉ ሰዎችማ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ኪሳችንን የሚነካው ግን ሳይነገር የሚቀረው ግማሹ ነው።

አንድ ዳቦ ቤት እናስብ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ በሰፈራችሁ ዋጋ ልትተኳቸው ትችላላችሁ። ቤቱ ለኪራይ፣ ለምድጃው የብድር ክፍያ፣ ለጥበቃና ለቋሚ ደመወዝ በወር 600,000 ብር ያወጣል። አንድም ዳቦ ባይጋገር ይህ ወጪ አይቀርም። ከዚያ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ዳቦ የራሱን ወጪ ይዞ ይመጣል፦ 75 ግራም ዱቄት በኪሎ 80 ብር ሒሳብ 6 ብር፣ እርሾ፣ ዘይትና ጨው 60 ሳንቲም፣ መብራት 60 ሳንቲም፣ ማከፋፈያ 80 ሳንቲም። ድምሩ 8 ብር። የወሩን ምርት x ብንለው የአንድ ዳቦ አማካይ ወጪ ይህ ነው፦

AC = 600,000/x + 8

በወር 60,000 ዳቦ ቢጋገር አንዱ 18 ብር ያስወጣል። ምርቱ እጥፍ ሆኖ 120,000 ሲደርስ 13 ብር ይሆናል። በአንድ ጊዜ 5 ብር ወረደ ማለት ነው፤ የመድረኩ ተናጋሪ የሚያሳየን ይህን ነው። 600,000 ላይ ስንደርስ 9 ብር ነው። አሁንም እጥፍ እናድርገው፤ 1,200,000 ዳቦ። የተገኘው ቅናሽ 50 ሳንቲም ብቻ ነው። 6 ሚሊዮን ብናደርሰው 8 ብር ከ10 ሳንቲም፣ 60 ሚሊዮን ብናደርሰው 8 ብር ከ1 ሳንቲም።

ሒሳብ የተማረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። x ያለ ገደብ ሲያድግ የመጀመሪያው ክፍል ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ሊሚቱ 8 ነው። በግራፍ ስንስለው 8 ላይ አንድ አግድም መስመር ይኖራል፤ ጠመዝማዛው መስመር ዕድሜ ልኩን ይጠጋዋል እንጂ አይነካውም። አሲምቶት የሚሉት እሱን ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ደግሞ ያ መስመር ዱቄቱ፣ መብራቱና ማከፋፈያው ነው። የምድጃው ብዛት ኪራይን ያከፋፍላል እንጂ ከ75 ግራም ዱቄት ላይ አንድ ግራም አይቀንስም።

ዋናው ጠቤ ከዚህ ይጀምራል። ወለሉ ራሱ ይነሳል። የዱቄቱ ዋጋ በኪሎ ከ80 ወደ 100 ብር ቢወጣ ወለሉ ከ8 ወደ 9 ብር ከ50 ይወጣል። ዳቦ ቤታችን በዚያው ወር ምርቱን ከ600,000 ወደ 1,200,000 ቢያሳድግ የአንዱ ወጪ 10 ብር ይሆናል። ምርት እጥፍ ሆነ፤ ዳቦው ግን ከ9 ወደ 10 ተወደደ። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት የዓለምን የስንዴ ዋጋ ሲያንረው፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የተነሳው ወለሉ ነው። የዚያን ጊዜ «ተጨማሪ መስመር እንትከል» ማለት ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

እርግጥ ቀመሩ የዋህ ነው። ብዙ ዱቄት የሚገዛ ሰው በጅምላ ዋጋ ያገኛል፤ ያኔ 8ቱ ትንሽ ዝቅ ይላል። በሌላ በኩል አንድ ምድጃ 60 ሚሊዮን ዳቦ አይጋግርም፤ ሁለተኛው ሲተከል 600,000ው ራሱ ይዘላል። ዳቦ ደግሞ ሳይደርቅ መድረስ አለበት፤ ከአንድ ማዕከል ከተማውን ሁሉ ለማዳረስ ሲሞከር መኪናው ይርቃል፣ ነዳጁ ይጨምራል፣ 80 ሳንቲሟ 80 ሳንቲም ሆና አትቀርም። ስለዚህ በእውነቱ ዓለም መስመሩ ወደ ወለሉ ከመጠጋት አልፎ እንደገና ሽቅብ ሊዞር ይችላል።

ስፋትን በደፈናው መቃወሜ አይደለም። ሶፍትዌር ሲሆን አንድ ተጨማሪ ቅጂ የሚያስወጣው ኢምንት ነው፤ ወለሉ ከዜሮ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም። እዚያ «ተጠቃሚ ይብዛ፣ ዋጋ ይወርዳል» የሚለው ሰው ልክ ነው። የሶፍትዌሩን ስሌት አምጥቶ ዳቦ ላይ የሚለጥፈው ሰው ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያስባለን ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ማካፈል ይበቃል። ቋሚው ወጪ ከአንዱ ዳቦ ጠቅላላ ወጪ ምን ያህሉ ነው? ምርት እጥፍ ሲሆን የሚገኘው ቅናሽ የዚያ ድርሻ ግማሽ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። 600,000 ዳቦ የሚጋግረው ቤት ከ9 ብሩ 1 ብሩ ብቻ ቋሚ ነው፤ እጥፍ ቢሆን የሚያተርፈን ከመቶ 6 አይሞላም። 60,000 የሚጋግረው ትንሹ ቤት ግን ከ18 ብሩ 10 ብሩ ቋሚ ነው፤ እሱ እጥፍ ቢሆን ከመቶ 28 ገደማ ይቀንሳል። ብድሩና እፎይታው በዳቦ ዋጋ ስም ከሆነ የሚሰጠው፣ ለምን ወለሉ ላይ ለተኛው ትልቅ ፋብሪካ እንደሚሄድ የሚያስረዳኝ ሰው ከነስሌቱ ይምጣ።