ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

በሐረር አቦከር ለመጀመሪያ ጊዜ ቢትኮይን የሚገዛ ሰው በመገበያያ መድረኩ ላይ የሚያየው ቁጥር ድርጅቱ ያለበት ዕዳ እንጂ በእጁ የገባ ገንዘብ አይደለም። ኤፍቲኤክስ የተባለው መገበያያ መድረክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሲከስር፣ ደንበኞቹ ክፍያ ማግኘት የጀመሩት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው፣ ያውም በኪሳራው ቀን ዋጋ ተሰልቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መክፈል ሕገወጥ መሆኑን ስላስታወቀ፣ የእኛ ሰው አቤት የሚልበት ደጅ ይበልጥ ጠባብ ነው።

«የይለፍ ቃል ብረሳ መድረኩ ይመልስልኛል» የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው። በራስ ቦርሳ ግን ቁልፍ የሆኑት 12 ወይም 24 ቃላት ከጠፉ የሚመልስ የለም፤ ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥም ለሌባ በር መክፈት ነው። ስለዚህ ጀማሪው ጥቂት ገንዘብ ወደ ቦርሳው ልኮ፣ መተግበሪያውን ከስልኩ አጥፍቶ፣ በወረቀት ከጻፋቸው ቃላት መልሶ መክፈት መቻሉን ይፈትን። እስከዚያው በመድረኩ የሚተወው፣ ቢጠፋ ቤቱን የማያናጋውን ያህል ብቻ ይሁን።